ከፕሮፖዛል ፕረዘንቴሽን በኋላ ምን ብለን እንጠይቅ? የመጨረሻዋ እናት ጉዳይ

ክሩ በጣም ስለረዘመ ዛሬ የገባችሁ ልጆች ከየት እንደምትጀምሩ ግራ ገብቷችኋል፣ በውስጥም እየጠየቃችሁኝ ነው። የከፈትኩት እኔ ስለሆንኩ ማን ምን እንዳለ በተራ ቁጥሩ ላውራላችሁ። አንዳንዱን ረዘም አደርገዋለሁ፣ አንዳንዱን ዝም ብዬ አልፈዋለሁ፣ የራሴንም ሀሳብ በመሃል እናገራለሁ።

መክፈቻው (የኔ)

ደሴ ማስተርስ የምንማር የቅዳሜና እሁድ ተማሪዎች ነን። ባለፈው ቅዳሜ ፕሮፖዛል ፕረዘንት የምናደርግበት ቀን ነበር። አንዱ የክፍላችን ልጅ፣ ጎበዝ ነው፣ ራሱም ጤና ላይ ነው የሚሰራው፣ በእርግዝና ጊዜ ግፊታቸው የጨመረ፣ ፕሪኤክላምፕሲያ የተባሉ እናቶችን ከወለዱ በኋላ እስከ ስድስተኛው ሳምንት ተከታትሎ የስንቶቹ ግፊት እንዳልወረደና ከምን ጋር እንደሚያያዝ ማየት ነው የፈለገው። ሳምፕል ሳይዝ 422። ቦታው አንድ ሆስፒታል። ዳታ የሚሰበሰበው መጋቢትና ሚያዝያ። የመጨረሻው ማስረከቢያ ግንቦት 30።

ጥያቄ ያለው ሲባል ሁለት ሰው ተነሳ። አንዱ ርዕሱ ረዘመ አለ፣ ሌላዋ የሪፈረንስ አጻጻፉን ጠየቀች። ሁለቱም አመስግነው ተቀመጡ። እኔ ስላይዱ ላይ የስራ እቅዱን ሰንጠረዥ እያየሁ ነበርና አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ፦ ሚያዝያ 30 የምትመዘገበው የመጨረሻዋ እናት ስድስት ሳምንቷ መቼ ይሞላል? ልጁ ቆም አለ፣ በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ግንቦት ሰላሳ ቀን፣ ከሰኔ አስራ ሁለት፣ አርባ ሁለት። ሰኔ 12 አለ ቀስ ብሎ። ማስረከቢያው ደግሞ ስላይዱ ላይ በቀይ ግንቦት 30 ብሎ ተጽፏል። ክፍሉ ፀጥ አለ፣ መምህሩም ማስታወሻ ያዙ።

እዚህ የጠየቅኳችሁ ታዲያ ጥናቱ ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለውን አይደለም። እሱ ይጠቅማል። አንድ የክፍል ጓደኛ ከስላይድ በኋላ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይሄ ነገር በዚህ ጊዜ፣ በዚህ ብር፣ በዚህ ቦታ ይሰራል ወይ አይሰራም የሚለውን የሚያወጣ ምን ምን ጥያቄ ሊያነሳ ይችላል? ይሄን ነበር ያልኩት።

1ኛ መልስ

የመጀመሪያው መላሽ ጥያቄውን ሳያየው ነው የመለሰው። ስላይድ ላይ ፅሁፍ እንዳይበዛ፣ ፊደሉ ከኋላ ወንበር እንዲታይ፣ ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ ለጥያቄው አመሰግናለሁ ብሎ መጀመር እንደሚያረጋጋ መከረን። በቅንነት ነው የጻፈው፣ ግን እሱ የሚያወራው ለሚያቀርበው ሰው ነው። እኔ የጠየቅኩት ስለሚሰማው ሰው ነው።

2ኛ መልስ

የጦሳ ልጅ የሚባለው የሰጠው መልስ አጭር ነበር። ቀኑ ትንሹ ችግር እንደሆነ፣ ትልቁ 422ቱ እናቶች ከየት እንደሚመጡ መጠየቅ እንደነበረ ተናገረ። ልጁ ያንን ቁጥር ከፎርሙላ እንጂ ከሆስፒታሉ እንዳላመጣው ገምቶ 384 ላይ አስር ፐርሰንት ደምሮ ነው አለ። ልክ ነው፣ ስላይዱ ላይ እንደዛ ነበር። ሁላችንም ጤና ላይ ያለን ሰዎች ይሄን 422 አይተነዋል፣ ቀድሞ የተሰራ ጥናት ሲጠፋ ፒውን፣ ችግሩ አለበት ብለን የምንገምተውን ድርሻ፣ ግማሽ አድርገን እናስገባና ሁሌም እሱ ይወጣል። የጥናቱ ርዕስ ምንም ቢሆን።

3ኛ መልስ

ከዚህ በኋላ ነው ሲስተር የገቡት። ማዋለጃ ክፍል ብዙ ዓመት የሰሩ ናቸው፣ አሁን ኮምቦልቻ ነው ያሉት፣ ሁላችንም እርስዎ እያልን ነው የምናወራቸው። የክሩ ልብ እሳቸው የጻፉት ነው ብዬ ስለማምን ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

እሳቸው እንዳሉት የክፍል ጓደኛ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት መዝገቡን ቆጥረኸዋል ወይ የሚለውን ነው። ገምተሃል ወይ አይደለም፣ ቆጥረኸዋል ወይ። ለምሳሌ ብለው አሰሉት፦ አንድ ሆስፒታል በወር 300 እናት ያዋልዳል እንበል፣ ከመቶ ስድስቷ ፕሪኤክላምፕሲያ አለባት እንበል፣ ይሄ በወር 18 እናት ነው። በሁለት ወር 36። 422 ለማግኘት ሃያ ሦስት ወር ከግማሽ ገደማ ይፈልጋል፣ ሁለት ዓመት ማለት ነው። ሪፈራል የሚቀበል ሆስፒታል ከሆነ ከዚህ ሊበዛ ይችላል፣ ግን አስር እጥፍ አይሆንም አሉ።

ቀጥለው ደግሞ መዝገብ መቁጠር በራሱ እንዴት እንደሆነ አስረዱ። የማዋለጃው መዝገብ ሰፊ ነው፣ ሲዘረጋ ጠረጴዛውን ይሞላል፣ እያንዳንዷ እናት አንድ መስመር ናት። የችግሩ አምድ ላይ አንዷ ነርስ አሳጥራ ትጽፋለች፣ ሌላዋ ግፊቱን ብቻ ትጽፋለች፣ ሌሊት ተረኛ የሆነችው ደግሞ ሦስት እናት ባንዴ ስትመጣባት ባዶውን ትተወዋለች። ስለዚህ አምዱን ብቻ የቆጠረ ሰው ያሳንሳል፣ ፕሪኤክላምፕሲያ ሲከብድ የሚሰጠውን ማግኒዥየም የወሰዱትን ከመድኃኒቱ መዝገብ ጋር ያስተያየ ሰው ይቀርባል። አንድ ወር ብቻ መቁጠርም ያሳስታል፣ ወሩ ከወር ይለያል፣ ቢያንስ ያለፈውን ስድስት ወር። የሁለት ከሰዓት ስራ ነው አሉ፣ ያንን ያልሰራ ሰው ስላይድ ባይሰራ ይሻለዋል።

መጨረሻ ላይ ያሏት ነገር ትንሽ ጠንከር ብላለች፣ ግን ሀያ ዓመት መዝገብ የያዘ ሰው ነው የተናገረው።

4ኛ መልስ

እዚህ ጋ አንዱ፣ ስሙን ፎርሙላ ብሎ የሚጠራ፣ ነገሩ ቀላል እንደሆነ ጻፈ። የሚመጡት እናቶች ጥቂት ከሆኑ ማስተካከያ ፎርሙላ አለ፣ እሱን ተጠቀም ነው ያለው። ሰራልንም፣ 384ን ለ36 ሰው ሲያስተካክለው 33 ይመጣል። ስለዚህ ሲስተር ያሰሉት ሁለት ዓመት አያስፈልግም፣ ልጁ 33 እናት ይዞ በሁለት ወር ይጨርሳል፣ ችግሩ ተፈታ አለ። ብዙ ላይክ አገኘ።

5ኛ መልስ

የስታትስቲክስ ሰው የሆነችው ልጅ፣ ስሟ ቧንቧ ውሃ ነው፣ ትንሽ ተቆጥታ ነው የገባችው። ስሌቱ ትክክል እንደሆነ አመነች፣ ትርጉሙን ነው የተቃወመችው። ያ ማስተካከያ የሚሰራው ስለነዚያ 36 እናቶች ብቻ ማወቅ ከፈለግክ ነው፣ ማለትም በመጋቢትና በሚያዝያ እዚያ ሆስፒታል ስለወለዱት፣ ከዚያ ውጪ ስለማንም መናገር አትችልም። የልጁ ርዕስ ግን ስለ ደሴ አካባቢ እናቶች ነው የሚያወራው። ሁለተኛው ነገር ደግሞ ልጁ ስንት እናት ግፊቷ አልወረደም ብቻ አላለም፣ ከምን ጋር ይያያዛል ብሏል። ከ33 እናቶች የአንድ ሦስተኛዎቹ ግፊት ሳይወርድ ቢቀር 11 ሰው ነው። በተለመደው አሰራር ለአንድ ምክንያት ቢያንስ አስር የሚሆን እንዲህ ያለ ሰው ይፈለጋል፣ ስለዚህ በ11 እናት አንድ ምክንያት ብታይ ነው። ስላይዱ ላይ ስንት ነበር ብላ እኔን ጠየቀችኝ። ዕድሜ፣ ክብደት፣ ስንተኛ ወሊድ፣ መድኃኒት፣ ትምህርት፣ ገቢ፣ በቤተሰብ ግፊት መኖሩ፣ ርቀት። ስምንት ነበር።

ከሷ የተማርኩት፣ ከስላይድ በኋላ ሳምፕል ሳይዝህን እንዴት አሰላኸው ማለት ብዙ አያዋጣም፣ ሁሉም ፎርሙላውን ይመልስልሃል። ችግሩ ያለባቸው ስንት ሰዎች ትጠብቃለህ፣ ስንት ምክንያትስ ልትፈትንባቸው ነው ብትለው ግን እዚያው ያስባል።

6ኛ መልስ

ቀጥሎ የኮምቦልቻ ልጅ የራሱን ታሪክ አመጣ። የሱ ጤና አይደለም፣ ውሃ ነው። ፋብሪካ ቆሻሻውን የሚለቅበት ወንዝ ላይ ክሮሚየም ሊለካ ነበር፣ መርዛማውን ዓይነት፣ ስድስት የሚባለውን። ወንዙ ወደ ቦርከና የሚገባ ነው። ስላይዱ ላይ ዘጠኝ ቦታ፣ ሦስት ጊዜ፣ በጠርሙስ ይወሰዳል፣ አዲስ አበባ ላብራቶሪ ይላካል የሚል ነበር። አንዷ የክፍሉ ልጅ ተነስታ ሳምፕሉ ጠርሙስ ውስጥ ስንት ሰዓት ይቆያል ብላ ጠየቀችው። እሱ አላወቀም። ቤቱ ሄዶ ሲያነብ ያ ዓይነት ክሮሚየም እንዲሁ በቀዝቃዛ ከተቀመጠ በ24 ሰዓት ውስጥ መለካት እንዳለበት አገኘ። በአሲድ ይቆይ ቢባል ደግሞ አሲዱ ራሱ ወደ ሌላው ዓይነት ይቀይረዋል። ጠዋት ወንዝ ወርዶ፣ ከሰዓት ጨርሶ፣ ማታ በረዶ ሳጥን ውስጥ አድርጎ፣ በነጋታው አውቶቡስ ተሳፍሮ ላብራቶሪው በር ላይ ሲደርስ ወረፋው ሳይቆጠር 24 ሰዓቱ አልቋል።

ያደረገው ነገር ጥሩ ነው፣ ጥናቱን አልጣለውም። ጠቅላላ ክሮሚየም ወደ መለካት ቀየረው፣ እሱ በናይትሪክ አሲድ ከተያዘ ወራት ይቆያል። ጥያቄው ጠበበ፣ መርዛማው ስንቱ ነው ማለት አይችልም፣ ግን ያለውን ነገር በርግጠኝነት ይላል። ለጠያቂዋ እስከ ዛሬ ያመሰግናል፣ ወላሂ አንድ ዓመት አተረፈችልኝ ነው ያለው።

7ኛ መልስ

እስከዚህ ደህና ነበርን። ሰባተኛው ግን በኔ ላይ ነው የመጣው። ጓደኛህን ሰው ፊት፣ መምህር በተቀመጠበት ማቆም ምን ይባላል፣ ችግሩን ካየህ ሻይ ቤት ወስደህ ለብቻው አትነግረውም ነበር ወይ የሚል ነው። እኛ ወሎዬዎች እንዲህ አላደግንም፣ ሰው አናሳፍርም አለ። አንዳንዱ ቃሉ ከዚህም ይከብድ ነበር፣ አልደግመውም።

ነክቶኛል፣ አልዋሽም። ምክንያቱም ልጁ ሲቆጥር ጣቱ ሲንቀጠቀጥ አይቼዋለሁ። ግን ደግሞ የጥያቄ ሰዓት የተሰጠን ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ርዕሱ ረዘመ ብለን ብንቀመጥ ሰኔ ላይ ብቻውን ነው የሚቀረው።

8ኛ መልስ

ለሰባተኛው የመለሰችለት ልጅ ባለፈው ዓመት የተመረቀች ናት፣ ወይም መመረቅ የነበረባት። እሷ ስታቀርብ ማንም ምንም እንዳልጠየቃት፣ ሁሉም እንዳጨበጨበላት ጻፈች። የቤት ለቤት ጥናት ነበር፣ ቃለ መጠይቁ አርባ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ፣ ለአንድ ዳታ ሰብሳቢ በቀን አስራ ሁለት ሰው። አስራ ሁለት በአርባ አምስት ደቂቃ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ከቤት ቤት መሄዱ ሳይቆጠር፣ ሰው እርሻ ሄዶ ተመለሱ የሚባለው ሳይቆጠር። ሰብሳቢዎቹ በቀን አምስት እየሰሩ ብሯ በግማሹ አለቀ። ያኔ አንድ ሰው ተነስቶ ማባዛት ቢችል ኖሮ ዓመቷ አይቃጠልም ነበር። ማጨብጨብ ደግነት አልነበረም ብላ ነው የጨረሰችው። ሰባተኛው መልስ አልሰጠም።

9ኛና 10ኛ መልስ

እነዚህ ከርዕስ የወጡ ናቸው። አንዱ የዛን ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ የአራት ሰው ፕረዘንቴሽን በስልክ ስክሪን መታየቱን አነሳ፣ ሌላው ከኮምቦልቻ ለሚመላለሱት ቅዳሜ ጠዋት ጭጋግ ሲሆን ሚኒባሱ እንደሚዘገይና ክፍሉ ግማሽ ሰዓት ወደኋላ ይባል ዘንድ መጠየቅ እንዳለብን ተናገረ። ሁለቱም እውነት ነው፣ ሌላ ክር ላይ እናውራው።

11ኛ መልስ

ነገሩን ወደ ርዕሱ የመለሰው ኩታበር በኩል ጤና ጣቢያ የሚሰራ ልጅ ነው። ለሱ ከሁሉም የሚከብደው እናቲቱ በስድስተኛው ሳምንት የት ናት የሚለው ጥያቄ ነው። ካርዷ ላይ የተጻፈው ቀበሌ የባሏ ቤት ነው። የመጀመሪያ ልጅ ከሆነ ግን አራስነቷን እናቷ ቤት ነው የምትቆየው፣ እሱ ደግሞ ሌላ ወረዳ ሊሆን ይችላል። የተሰጠው ስልክ ብዙ ጊዜ የባል ነው፣ ባል ደግሞ ስራ ላይ ነው፣ ወይ ከተማ ሄዷል፣ ደህና ናት ብሎ ይዘጋል። ክርስቲያኗ ልጁ ወንድ ከሆነ አርባ ቀን ሴት ከሆነች ሰማንያ ቀን እስኪሞላና ክርስትና እስኪነሳ ብዙም አትወጣም፣ ሙስሊሟም አርባ ቀኗን ትጠብቃለች። ስድስት ሳምንት ማለት አርባ ሁለት ቀን ነው። አራስ ከቤት የማትወጣበት ጊዜ ገና ሲያልቅ፣ ወይ ጭራሽ ሳያልቅ፣ አንተ ተነሽና ሆስፒታል ነይ ትላታለህ፣ ትራንስፖርቱንስ ማን ይከፍላል?

በስልክ ቢሆንስ ብሎ ለሚያስብም ቀድሞ መለሰ፣ ግፊት በስልክ አይለካም። ደህና ነኝ ማለቷ ዳታ አይሆንም፣ ከፍ ያለ ግፊት ብዙ ጊዜ አይሰማም።

መፍትሄም አምጥቷል። ሕፃኑ በስድስተኛው ሳምንት ክትባት አለው። እናት ለራሷ ባትመጣ ለልጇ ትመጣለች፣ ከናቷ ቤትም ብትሆን ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። ስለዚህ መለኪያው እዚያ ይሁን እንጂ ሆስፒታል አይሁን ነው ያለው። ያኔ ግን ጥያቄው ይቀየራል፦ ስንት ጤና ጣቢያ ነው፣ ከየትኛው ጋር ተነጋግረሃል፣ ሁሉም ጋ ያለው የግፊት መለኪያ አንድ ዓይነት ያነባል ወይ።

ይሄን ሳነብ ያቺ የኔ የቀን ጥያቄ ምን ያህል ላይ ላዩን እንደነበረች ገባኝ። እኔ ካሌንደር ነው የቆጠርኩት፣ እሱ ሰውዋ ያለችበትን ነው የጠየቀው።

12ኛ መልስ

ሲስተር ተመለሱ። የኩታበሩን ልጅ አመሰገኑና ከዚያ ሌላ ነገር አነሱ፣ ማናችንም ያላየነውን። ስድስተኛው ሳምንት ከየት መጣ? ፕሪኤክላምፕሲያ የነበረባት እናት ግፊቷ እስከ 12 ሳምንት ሊወርድ ይችላል፣ ከዚያ በኋላም ካልወረደ ነው የቆየ ግፊት የሚባለው። በስድስተኛው ሳምንት ለክቶ አልወረደም ብሎ የጻፈ ሰው ገና በመውረድ ላይ ያለችውን አብሮ ይቆጥራል። ስለዚህ ስላይዱ ላይ አልወረደም የሚለው ቃል ራሱ መፈተሽ አለበት።

ይሄ ታዲያ ነገሩን ያባብሰዋል። 12 ሳምንት 84 ቀን ነው። ሚያዝያ 30 የተመዘገበችው እናት ሐምሌ 24 ላይ ትደርሳለች። እሳቸው ግን እንደሱም ሆኖ መንገድ እንዳለ ጠቆሙ፣ የሕፃኑ ሦስተኛ ክትባት በ14ኛው ሳምንት ነው፣ 12ቱን ያለፈ፣ እናት የምትመጣበት ቀን። ለማስተርስ አይደርስም፣ ለሌላ ጊዜ ግን ጥሩ ጥናት ይወጣዋል አሉ።

አንድ ነገርም አስተካከሉ። በመሃል አንዳንዱ ሰው እናቶቹ ወልደው ወዲያው ስለሚወጡ ሰብሳቢው ቅዳሜ እሁድ ያመልጡታል ሲል ነበር። ለሌላው እናት እውነት ነው፣ አንድ ቀን አድራ ትወጣለች። ግፊቷ የከበደባት እናት ግን ከወለደችም በኋላ 24 ሰዓት ማግኒዥየም ላይ ትቆያለች፣ ስለዚህ እሷ በአንድ ሌሊት አታመልጥም። ቀለል ያለባት ናት የምታመልጠው። እንዲህ ከሆነ ደግሞ የሚያዙት የከበደባቸው ብቻ ይሆኑና ውጤቱ ከእውነቱ ከፍ ይላል አሉ። ጨርሶ ማምለጥ ሳይሆን ማን አመለጠ የሚለው ነው ጥያቄው።

13ኛ መልስ

ቧንቧ ውሃ ሁሉንም ወደ አንድ አወረደችው። ከ36ቱ ጀመረች። ከእርግዝና በፊትም ግፊት የነበረባቸውን አውጣ፣ አራት እንበል፣ 32 ቀሩ። ያመለጡና እምቢ ያሉ ስድስት፣ 26። በስድስተኛው ሳምንት ያልተገኙ አንድ ሦስተኛ፣ 17። አስራ ሰባት እናት። እነዚህ ቁጥሮች ግምት እንደሆኑ፣ ግን ልጁ የራሱን ቁጥር በየቦታው እንዲያስገባ ነው የምትፈልገው። በሷ አስተያየት የክፍል ጓደኛ ሌላ ምንም ባይጠይቅ ከላይ እስከ ታች በየደረጃው ስንት ይቀራል ብሎ ይጠይቅ። አስር ፐርሰንት ደመርኩ የሚለው መልስ ለአንድ ቀን ቃለ መጠይቅ እንጂ ለስድስት ሳምንት ክትትል አይበቃም።

14ኛ መልስ

ፎርሙላ ተቆጥቶ ተመለሰ። እንዲህ ከሆነ ደሴ ላይ ማንም ጥናት አይሰራም፣ ሁሉንም ነገር ገድላችሁ ልትጨርሱት ነው፣ አድቫይዘሩ አጽድቆታል፣ እናንተ ማን ናችሁ አለ። ስለ 33ቱ የተባለውን ግን አልመለሰም። አንድ ነገር ላይ ግን እውነት አለው ብዬ አስባለሁ፣ ማስተርስ ውስጥ ትንሽ ጥናት መስራት ነውር አይደለም። 33 እናት ላይ ስንቶቹ ተመለሱ፣ ስንቶቹ ተገኙ ብሎ የሚጠይቅ ጥናት ይቻላል፣ ትንሽ መሆኑን እስካመነ ድረስ። ቧንቧ ውሃ ይሄንን አልተቀበለችም፣ እስካሁን እየተከራከሩ ነው።

15ኛ መልስ

ከዚህ በኋላ ራሱ ባለቤቱ ገባ። ማን እንደሆነ ሳይደብቅ። ክሩን ያገኘው በሌላ ሰው በኩል እንደሆነ፣ መጀመሪያ ሲያነብ እንደተናደደ፣ በተለይ ሳልነግረው እዚህ መጻፌ እንዳስከፋው ተናገረ። ይሄን ስህተቴን ተቀብያለሁ፣ ክፍል ውስጥ መጠየቄን አልጸጸትም፣ ሳላስፈቅደው እዚህ ማውጣቴን ግን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። አብሽር ብሎኛል።

ከዚያ ያደረገውን ነገረን። የሲስተርን መልስ ካነበበ በኋላ ማዋለጃ ክፍል ሄዶ ኃላፊዋን አስፈቅዶ ያለፈውን አንድ ዓመት መዝገብ ቆጠረ። ሁለት ከሰዓት አልበቃውም፣ ሦስት ፈጀበት። ዓመቱን ሙሉ ገልብጦ 422 አልሞላለትም። አንዱ ወር ላይ ጭራሽ ጥቂት ነው የተጻፈው፣ ለምን ብሎ ሲጠይቅ መዝገቡን የሚሞላ ሰው ያልነበረበት ሳምንት እንደነበረ ነገሩት። ያንን ከስላይዱ ላይ ከየት ያገኘው ነበር?

16ኛ መልስ

የጦሳ ልጅ ወደ ኋላ ሂድ አለው፣ ማለትም ከወለዱት እናቶች ካርድ ላይ ያለውን ተጠቀም። ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ብትሄድ በቂ እናት ይኖራል። ባለቤቱ ግን ይሄን አስቦት ነበር፣ የስድስተኛው ሳምንት ግፊት ካርዱ ላይ የለም፣ እናት ካልተመለሰች ማን ይጽፈዋል። የጦሳ ልጅ ታዲያ ጥያቄውን ቀይረው አለ፦ ከሆስፒታል ስትወጣ ግፊቷ ስንት ነበር፣ መድኃኒት ተሰጣት ወይ፣ ቀጠሮ ተጻፈላት ወይ። እነዚህ እዚያው የሚጻፉ ናቸው።

ይጻፋሉ ወይ ግን? ይሄን ያነሳችው የስምንተኛዋ ልጅ ናት፣ አንዴ የተቃጠለች ስለሆነች። ምንም ሳትወስን 20 ካርድ አስወጣ፣ ዝም ብለህ በተራ የመጣውን፣ ጥሩ ጥሩውን አትምረጥ አለችው። ከ20ው ስንቱ ካርድ ተገኘ፣ በተገኘው ላይ ስትወጣ የተለካው ግፊት ስንቱ ላይ ተጽፏል፣ ቀጠሮውስ። አምስት ካርድ ከጠፋ፣ ከቀረው ግማሹ ባዶ ከሆነ ይሄም መንገድ ተዘግቷል ማለት ነው፣ እሱን ደግሞ አሁን በየካቲት ማወቅ ይሻላል።

17ኛ መልስ

ሲስተር የመጨረሻ የጻፉት ለሁላችንም ነው፣ እኔ ላይ ግን የቀረው ይሄ ነው። ክትትሉን ከሰራኸው አሉት፣ ስድስተኛው ሳምንት ላይ ግፊቷ 160 በ110 የሆነች እናት ብታገኝ ዳታ ሰብሳቢህ ምን ያደርጋል? ፎርሙ ላይ ጽፎ ይሄዳል? ማን ጋ ይልካታል፣ ሌሊት ከሆነስ፣ ሩቅ ከሆነችስ? ይሄን ያልመለሰ ፕሮፖዛል የሥነ ምግባር ኮሚቴ ጋ ሄዶ ይመለሳል፣ መመለሱም ሳምንታት ይበላል፣ የስራ እቅዱ ላይ ደግሞ ለኮሚቴው አንድ ሳምንት ነበር የተያዘው። እኔ ያንን ሰንጠረዥ ስላይዱ ላይ ሳየው ነበር፣ ያንን አንድ ሳምንት ግን አላየሁትም።

ልጁ የመለሰው ከካርዱ መንገድ ጋር እንደሚሄድ ነው፣ ካርዱ ካለ። አድቫይዘሩ ግን ክትትሉ እንዲቀር እስካሁን አልፈቀዱም፣ በጤና ጣቢያ በኩል ትንሽ አድርጎ ይስራው የሚሉ ይመስላል። ቧንቧ ውሃ አንደኛውን፣ የኩታበሩ ልጅ ሁለተኛውን ይደግፋሉ። እኔ ሰኞ ከሰዓት ከሱ ጋር ካርድ ክፍል እሄዳለሁ፣ ካርዱን የሚነካው እሱ ነው፣ እኔ በወረቀት ላይ አለ የለም እያልኩ መስመር አሰምራለሁ። 20ው ካርድ ምን እንዳሳየ እዚሁ 18ኛው ላይ እጽፋለሁ፣ በዚህ ጊዜ እሱን አስፈቅጄ።